ከፌስታል ወደ ሁለት ገጽ፦ ለውጭ ሕክምና የተዘጋጀ የአንዲት የልብ ታካሚ ማጠቃለያ

ታካሚዋ የ37 ዓመት ሴት ናት፤ የአዘዞ ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ ጠቧል። የልብ ምቷም የተዛባ ስለሆነ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ቤተሰቡ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ሕንድ አገር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ቫልቩ በፊኛ እንዲሰፋላት ቀጠሮ ተያዘላት። ሆስፒታሉ የሕክምና ታሪኳን ማጠቃለያ፣ የቅርብ ጊዜ የልብ አልትራሳውንድ ማለትም የኢኮ ምርመራ ከነቪዲዮው፣ እንዲሁም የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ላኩልን አለ። ወንድሟ የዓመታቱን ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣና "ዶክተር፣ እባክህ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጥልን" አለኝ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ጎንደር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው፤ ማንነቷን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ፌስታሉ ሲከፈት የሚገለበጥ ነገር ብዙም አልነበረውም። እኛ አገር ሐኪም ካርድ ላይ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የላቦራቶሪው ውጤትም የሪፈር ወረቀቱም እንደዚያው። በእንግሊዝኛ ያልነበረው ሌላ ነገር ነው፦ ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፣ መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት በእኛ ሰዓት ነው፣ የበሽታው ታሪክ ግማሹ ደግሞ ወረቀት ላይ ሳይሆን እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። አንዱም ሐኪም ከሌላው ጋር አልተነጋገረም። ስለዚህ የሠራነው ባለ ሁለት ገጽ ሠንጠረዥ ነው፦ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። እያንዳንዱ ረድፍ ቁጥር አለው፤ በግራ ሦስተኛው ላይ ያለው በቀኝም ሦስተኛው ላይ ይገኛል። ሕንድ ያለው ሐኪም በስልክ አስተርጓሚ በኩል "ረድፍ ሦስትን ጠይቅልኝ" ካለ ወንድሟ ጣቱን የሚያሳርፍበትን ያውቃል።

ለየረድፉ የመረጃውን ምንጭ የሚያሳይ ጠባብ ዓምድም ጨመርን። እዚያ ውስጥ የሚጻፈው ከሁለት አንዱ ነው፦ "በወረቀት" ወይም "በታካሚዋ ቃል"። የተጓደለ ነገር ካለም "አልተገኘም" ተብሎ ይጻፋል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም። ባዶ ቦታ ያየ ሐኪም ችግሩ የለም ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ቀኖቹ

የመጀመሪያው የኢኮ ውጤት ላይ በእጅ የተጻፈው ቀን 12/03/2015 ነው። እኛ ኅዳር 12 ቀን 2015 ብለን እናነበዋለን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2022 ማለት ነው። ሕንድ ያለው ሐኪም ግን ማርች 12 ቀን 2015 ብሎ ነው የሚያነበው። ያኔ የቫልቩ ስፋት 1.2 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነበር። የቅርቡ ኢኮ 0.9 ይላል፤ እዚህኛው ላይ ያለውን ቀን ግን ማሽኑ ራሱ ነው ያተመው፣ ማሽን ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፦ 15/07/2025፣ ማለትም ሐምሌ 8 ቀን 2017። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የውጭ ሐኪም ቫልቩ በአሥር ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ እንደጠበበ ያስባል። እውነቱ ግን ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው። የእጅ ጽሑፍና የማሽን ቀን አንድ ፋይል ውስጥ ሲቀላቀሉ የሚመጣው አደጋ ይህ ነው። ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሆን እንኳ፣ ወረቀቱ ያረጀ መስሎ ስለሚታይ ቢያንስ "ይህ ድሮ ነው፣ አዲስ አምጡ" ይባላል፤ የተቀላቀለው ግን ሳይጠረጠር ያልፋል።

የመለወጫው ሕግ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ጠርዙ ላይ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ግን ተከታዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውልና እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል፤ የዓመቱ ቁጥር የሚቀየረውም ያኔ ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ ነው። 2016 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን ከለወጥሁ በኋላ የሳምንቱን ዕለት አመሳክራለሁ። ታካሚዋ "ዓርብ ነበር" ካለችና በፈረንጅ ካላንደር ላይ ቅዳሜ ከወጣ አንድ ቀን ተንሸራቷል ማለት ነው።

በእንግሊዝኛው ዓምድ ወርን በቁጥር አንጽፍም፤ የወሩ ስም በፊደል፣ ዓመቱ በአራት አሃዝ። በአማርኛው ዓምድ የራሳችን ቀን እንዳለ ይቀመጣል፤ እሷ የምታስታውሰው በዚያ ነውና።

ትክክለኛ ቀን የሌለውስ? ሕመሟ መጀመሪያ የታወቀው ሁለተኛ ልጇን አርግዛ በስድስት ወሯ ነው። ወረቀቱ ጠፍቷል። ልጁ የተወለደው ጥር 2008 ነው፤ ያን ለማወቅ ወረቀት አላስፈለገም። ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥቅምት 2008 አካባቢ ይሆናል፣ በፈረንጅ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ 2015። እንደዚያው ጻፍነው፤ "ገደማ" እና "በታካሚዋ ቃል" የሚሉትን ጨምረን። ባዶ ላለመተው ሲባል ጥቅምት 1 ብሎ መጻፍ ሌላ ሰው በኋላ እንደ እውነት የሚይዘው ፈጠራ ነው።

ረድፍ ሦስት

የዚህን ጉዳይ ክብደት የያዘው አንድ ረድፍ ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ጉሮሮው ሕመሙን ባመጣው ጀርም እንደገና ተይዞ ቫልቩ ይበልጥ እንዳይጎዳ፣ በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት። ታካሚዎች ወርሃዊ መርፌ ይሉታል። እሷም ለዓመታት ወስዳዋለች። ከአንድ የጤና ተቋም የመጣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ግን 10/05/2016 ተብሎ፣ ከሥሩ የፔኒሲሊን አለርጂ የሚል ሁለት ቃል ተጽፎ አገኘሁ፤ ፊቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ነበረው። ምን እንደታየ፣ መርፌው ከተወጋ ስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገላት የሚል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የመጡት ወረቀቶች ሁሉ ሁለቱን ቃል እየገለበጡ ሄደዋል፤ የጥያቄ ምልክቷ ግን ከሁለተኛው ወረቀት ጀምሮ ጠፍታለች።

ይህ በእንግሊዝኛው ዓምድ እንዳለ ተገልብጦ ቢሄድ፣ ሕንድ ያለው ሐኪም ፔኒሲሊንና ዘመዶቹን ዕድሜ ልኳን ይከለክላታል። ደግሞም አለርጂው እውነት ከሆነ መከልከሉ ትክክል ነው። ስለዚህ ረድፉን ለመሙላት የአማርኛውን ዓምድ ለእሷ ማንበብ ነበረብኝ። "ፔኒሲሊን ሰውነትሽ አይቀበልም" የሚለውን ስሰማት ደነገጠች።

"ኧረ ወንድሜ! ማን አለ? እኔ መርፌው ምንም ብሎኝ አያውቅም።"

"የጥምቀት ዋዜማ የሆንሽውስ?"

"እሱማ ራሴን ሳትሁ። ገሃድ ነበር፤ ዕለቱም ዓርብ፤ እህል ውኃ አልቀመስሁም። ገና ከአልጋው ሳልነሳ ዓይኔ ጨለመብኝ።"

ጥር 10 ቀን 2016 ጃንዋሪ 19 ቀን 2024 ነው፤ ካላንደሩም ዓርብ ይላል። አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ሽፍታ? የለም። ማሳከክ? የለም። ከንፈር ወይም ፊት ማበጥ? የለም። የጉሮሮ መታፈን ወይም ትንፋሽ ማጠር? የለም። ስንት ደቂቃ? ወዲያው። እንዴት ነቃሽ? እግሬን ከፍ አድርገው አስተኙኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ። መርፌ ወይም ጉሉኮስ ሰጥተዋት እንደሆነ አታስታውስም።

ቫልቩ ክፉኛ የጠበበበት ሰው ደም ግፊቱ በድንገት ከወረደ ልቡ ማካካስ አይችልም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በኋላ የሚታዩ አንዳንድ ከባድ ክስተቶች አለርጂ ሳይሆኑ የልብና የደም ዝውውር ችግር ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጿል። እንደ እሷ ቫልቩ በጣም ለጠበበበት ታካሚም መርፌው ቀርቶ በአፍ የሚወሰደው እንዲታሰብ መክሯል። በባዶ ሆድ፣ በፍርሃት፣ በሕመም የታጀበ መርፌ እንዲህ ያለውን ሰው ሊጥለው ይችላል። ይህን ማወቄ ግን "አለርጂ አይደለም" ብዬ እንድጽፍ አይፈቅድልኝም። ማጠቃለያ አዘጋጅ ምርመራ አይሽርም። የተጻፈው፣ የሆነው ነገር ብቻ ነው፦ ቀኑ፣ ደቂቃው፣ የታዩትና ያልታዩት ምልክቶች፣ ከዚያ በፊት መርፌውን ለዓመታት ያለ ችግር መውሰዷ፣ ምንጩም የእሷ ቃል መሆኑ። ብጣሹ ወረቀትም ከነጥያቄ ምልክቱ ተጠቀሰ።

ተከትሎ የመጣው ነገር ደግሞ ፋርማሲስትን የሚያስደነግጥ ነው። አለርጂ ተብሎ ስለተጻፈ በመርፌው ፈንታ ኤሪትሮማይሲን ታዘዘላት። ኤሪትሮማይሲን የምትወስደው የደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን፣ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ኃይሉ ይጨምራል። የካቲት 6 ቀን 2016፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2024፣ በነስር መጥታ፣ ደሟ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው አይ ኤን አር ሲለካ 4.8 ሆነ፤ እንደ እሷ ላለ ሰው የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ኤሪትሮማይሲኑ ቆመ። በቦታው ሌላ የጀመረላት ግን የለም። ወረቀቱን በቀን ቅደም ተከተል ስደረድረው ነው የታየኝ፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ምንም መከላከያ ኖራለች። ይህም ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ ገባ።

መድኃኒቶቹና የቀረው

የመድኃኒቱ ዝርዝር ከማዘዣ ወረቀት አልተወሰደም። ቤቷ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጪ አልኋት፤ ማዘዣው ላይ ያለና ቤት ውስጥ ያለ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ከማሸጊያው ላይ የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ዋና ስም ወሰድን፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። ዋርፋሪን ባለ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ ፍሬ፣ ረቡዕና ዓርብ ግማሽ፣ ድምሩ በሳምንት 30 ሚሊ ግራም። የግማሹን ቀን በጾም ቀን ያደረግነው እንዳይረሳት ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን ጾም አልተጻፈም፤ የሰባቱ ቀን ሚሊ ግራም ተዘርዝሮ ተቀመጠ። የምትወስደው ማታ 12 ሰዓት ነው። ይህ እንዳለ ቢገለበጥ እኩለ ሌሊት ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው 18:00 ተባለ። የልብ ምቷን የሚያረጋጋው ዲጎክሲን በእጅ ጽሑፍ ነጥብ ብቻ አስቀድሞ .25 ተብሎ ነበር፤ ነጥቧ ካልታየች መቶ እጥፍ ትሆናለች፣ ስለዚህ በፊቷ ዜሮ ተጨመረላት።

አይ ኤን አሯ በየዓመቱ ሁዳዴ ላይ ይወርዳል። የሦስት ዓመት ውጤት ሲደረደር መጋቢት ላይ ሁሌም ከ2 በታች ነው። በጾሙ ጎመን በብዛት ስለምትበላ ይመስለኛል፤ ጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪኑን ይቃወማል። "ይመስለኛል" የሚባል ነገር ማጠቃለያ ላይ ቦታ የለውም፤ ቁጥሮቹ ከነቀናቸው ተቀመጡ፣ ከጎናቸውም "በጾም ወራት አትክልት ይበዛል፣ በታካሚዋ ቃል" ተባለ። ዳማከሴም አልፎ አልፎ ለጉንፋን ትጠጣለች። እሱም ተጻፈ፣ በአገሩ ስም፣ ለምን እንደምትጠጣው ተጨምሮ።

የላቦራቶሪ ቁጥሮችን አልለወጥንም። የኩላሊቷን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒን 0.9 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ አንዳንድ አገር ይኸው 80 ማይክሮ ሞል በሊትር ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩን ከነመለኪያው እንዳለ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ማባዛቱ ለተቀባዩ ይቅር። አሕጽሮተ ቃላትን ግን ሁሉንም ፈታናቸው። የእሷን ቫልቭ ጥበት የሚያመለክቱት ሁለት ፊደላት ለነርቭ ሐኪም ፈጽሞ ሌላ በሽታ ናቸው።

ስሟም እንደ ቀን ሁሉ አድካሚ ነበር። ካርዶቹ ላይ የእሷና የአባቷ ስም ብቻ ነው ያለው፣ በእንግሊዝኛም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ። ፓስፖርቷ ደግሞ የአያቷን ስም ጨምሯል። በራስጌው የፓስፖርቱ አጻጻፍና ቁጥሩ ተቀመጠ፤ ከሥሩ "በቀድሞ ወረቀቶች እንዲህም ተጽፏል" ተብሎ ሌሎቹ ተዘረዘሩ። አለዚያ ኢኮው የማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል።

ኢኮውን በተመለከተ ወንድሟ የማሽኑን ስክሪን በስልክ ፎቶ አንስቶ ነበር። ለቫልቭ ሐኪም ፎቶው አይጠቅመውም፤ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ይፈልጋል። ምርመራው የተደረገበት ቦታ ዳይኮም በሚባለው የሕክምና ምስል ፋይል በፍላሽ ገልብጦ ሰጠን። ጎንደር ሳለን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን አየነው፤ ባዶ ፎልደር ተሸክሞ ሕንድ መግባት አለና።

አንድ ነገር ቅር አሰኘኝ። ወንድሟ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ወረቀቱን ሁሉ አንድ የጽሕፈት ቤት ወስዶ ስካን አስደርጎት ነበር። ስመለከት የእሷ ፋይል ከሌሎች ታካሚዎች ውጤት ጋር ዴስክቶፑ ላይ ተኮልኩሏል። ማስጠፋቱን ወንድሟ ራሱ ቆሞ አየ።

ማጠቃለያውን ያጸደቀው ሐኪሟ ነው። ያለ እሱ ፊርማ፣ ሙሉ ስም፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥርና የተቋሙ ማኅተም ወረቀቱ የእኔ ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም፤ ለውጭ ምንዛሪ የሚጠየቀውን የሜዲካል ቦርድ ማስረጃም አይተካም። ሐኪሙ ረድፍ ሦስትን ሁለት ጊዜ አነበበ። "አለርጂው አልተረጋገጠም፤ ፔኒሲሊን እንደገና ከመሰጠቱ በፊት ይመርመር" የሚል መስመር በራሱ እጅ ጨመረ። ያንንም በአማርኛው በኩል ጻፍንላት። ከዚያ እሷ ራሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ የመጀመሪያ ልጇ የተወለደበት ዓመት ላይ አንድ ስሕተት አገኘች።

ከሄደች በኋላ

ጥቅምት 2018 ሄደች። ወንድሟ እንደነገረኝ ሐኪሙ ገጹን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው ረድፍ ሦስትን ነው። በአስተርጓሚ በኩል ያንኑ ጥያቄ ደገመላት፤ መልሷም ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። የቆዳ ምርመራ ተደርጎላት ምንም አልታየም። ከዚያም በክትትል ሥር ፔኒሲሊን በአፍ ተሰጣት፤ አሁን በየቀኑ ሁለቴ ትወስዳለች። በጉሮሮ በኩል በሚገባው ኢኮ የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ቫልቩ በፊኛ እንዲሰፋ ተደረገ፤ 0.9 የነበረው 1.7 ሆነ።

ይዛ የመጣችው የመውጫ ወረቀት አራት ገጽ እንግሊዝኛ ነው። ሠንጠረዡን ከፍተን አዲሶቹን ረድፎች በቀኙ ዓምድ ጨመርን፤ በዚህ ጊዜ ቀኑ ከፈረንጅ ወደ እኛ ነው የሚመለሰው። አይ ኤን አር ትለካበታለች የተባለው ኖቬምበር 20 ቀን 2025 ኅዳር 11 ቀን 2018 ሆነ።

ዋርፋሪኑ ላይ ቆም አልን። እዚያ የሰጧት ፍሬ ባለ 2 ሚሊ ግራም ነው፣ የታዘዘላትም በቀን 4 ሚሊ ግራም። እሷ በቃሏ የያዘችው "ሁለት ፍሬ" ብላ ነው። ከሕንድ ያመጣችው ሲያልቅ ከእኛ የምትገዛው ግን ባለ 5 ነው፤ ሁለት ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ይሆንባታል። ቤት የቀረውን የድሮውን ባለ 5 እንድትመልስልኝ አደረግሁ። የመድኃኒቱ ረድፍ ላይም የፍሬ ቁጥር ሰርዘን በሚሊ ግራም ብቻ ጻፍን። ባለ 2 ፍሬው ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ሐኪሟ ሄዳ፣ ባለ 5ቱ ለዚህ መጠን እንዴት እንደሚከፋፈል አዲስ የሳምንት መርሐ ግብር እንዲያወጣላት ቀጠሮዋን አስያዝን።